ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው

ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ አፋቸው ማር ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ድሬሰር ሆነው ከጅማ ሸቤ፣ ከሸቤ ሊሙ ሲዘዋወሩ በዚያ አገር እሳቸው ያልወጉት ሰው የለም ይባላል። ጡረታ የወጣው ታዲያ እጃቸው እንጂ ምላሳቸው አይደለም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ፎቅ ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳው መሳይ አንድ ቀን ካሜራ ፊት ቢያስቀምጣቸው ወሬያቸው አላልቅ አለ፤ «ደጃፍ ጤና» የተባለው የዩቲዩብ ቻናል የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። ሰው ወደዳቸው። ከአጋሮ እስከ ጅዳ ድረስ «የኛ ዶክተር» የሚላቸው በዛ። ዶክተር አይደሉም ብሎ የሚያርም ግን አልተገኘም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ስሙ አልከበዳቸውም።

ችግሩ ነገርን በልክ መናገር አያውቁበትም። ነጭ ሽንኩርት ለጤና ጥሩ ነው ብሎ ማለፍ ሲቻል «ደም ግፊትን ከነሥሩ ይነቅላል» ይላሉ። መሳይ ደግሞ በዚያ ላይ «ኪኒናችሁን ጣሉ!» የሚል ርዕስ በቀይ ቀለም ይለጥፍበታል። ዩቲዩብ ያንን ቪዲዮ አነሳውና በማስጠንቀቂያ አለፋቸው። መሳይ ይማራል ሲባል ብሶበት «ሐኪሞች የደበቁት የካንሰር መድኃኒት» የሚል ጫነ። ይኼኛው ቅጣት ተቆጠረበት፤ ለአንድ ሳምንት ምንም ነገር መጫን ተከለከሉ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ቅጣት የተቆጠረበት ቻናል ለዘላለሙ ይዘጋል። የቀሩት ቪዲዮዎችም ቢሆኑ እንደ ድሮው ለሰው አልቀርብ አሉ፤ ዩቲዩብ ተአምር እንፈውሳለን የሚሉትን ሳያነሳም ቢሆን ከሰው ዓይን ገለል ያደርጋቸዋል።

ሳቢሃ የተጠራችው ይኼኔ ነው። የጅማ ሄርማታ ሰፈር ልጅ ናት፤ ድራጊስት ሆና የሠራችበት መድኃኒት ቤት ሲዘጋ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። መሳይ የፈለጋት ግን ለመድኃኒት ዕውቀቷ ብቻ አይደለም። አማርኛዋ ልክ አለው፤ አንድን ነገር ከሆነው በላይም ከሆነው በታችም አትለውም።

ሥራዋ ርዕሱንና ከቪዲዮው ሥር የሚገባውን መግለጫ መጻፍ ነበር። መጀመሪያ «ያድናል»ን አባረረች። ተከትለው «ይፈውሳል»፣ «ያጠፋል»፣ «መቶ በመቶ»፣ «በሰባት ቀን» ወጡ። በምትካቸው «ሊያግዝ ይችላል» እና «ከሐኪም ክትትል ጋር» ገቡ። መሳይ ብልጥ ነኝ ብሎ የበሽታውን ስም መሐሉን በኮከብ እንሸፍነው ቢላት ሳቀችበት። «ሌባ ፊቱን ሸፍኖ ሲሄድ ነው የሚያዘው» አለችው። «የበሽታን ስም መጥራት ክልክል አይደለም። ክልክሉ የማይሆነውን ይሆናል ማለት ነው።» ጣቱ የተቆረጠ እግር ያለበትን የሽፋን ፎቶ ሳይቀር አውጥታ ጣለችው። መሳይ በየቀኑ «ፋራ ሆንን» እያለ ቢያለቅስም ቅጣቱ ቆመ፤ ተመልካቹም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሳቢሃ በዚህ ኮራች፤ ኩራቷም ሐሰት አልነበረም።

ሳቢሃ የራሷ ልጅ የላትም። ያላት ሱዓድ ናት፤ ሊሙ ገነት የሚኖረው የወንድሟ የቲጃኒ ልጅ። ሱዓድ በልጅነቷ ስኳር ያዛት፤ ያውም በኪኒን የሚያዘው ዓይነት ሳይሆን ኢንሱሊን ካልተወጉ ቀናት የማያቆየው። ሳቢሃ ኢንሱሊኑን ከጅማ እየገዛች በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ውስጥ ከትታ በሚኒባስ ሹፌር ትልክላታለች። በደወለች ቁጥርም ከሰላምታ በፊት «ተወጋሽ?» ነው የምትላት። ልጅቷ አሥራ ስድስት ሞልቷታል፤ ስስ ናት፤ ሳቂታ ናት። መርፌውን ከምትጠላው በላይ የምትጠላው ደግሞ ሮመዳን ሲመጣ እኩዮቿ ሲጾሙ እሷ ቁርስና ምሳ እየበላች መዋሏን ነበር። ሼሁ ራሳቸው «ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል» ብለዋት ነበር። ሰው ግን በተፈቀደለት ነገር ሁልጊዜ አይደሰትም።

ሮመዳን ሊገባ ሲል ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ ስለ አብሽ ተቀረጹ። አብሽ ነገሩ እውነትነት አለው፤ በአመጋገብና በኪኒን ስኳራቸውን ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ትንሽ ሊያግዝ ይችላል። ሳቢሃ ከቀረጻው በፊት ቁጭ አድርጋ ለመነቻቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ መርፌ የሚወጉትን ሰዎች ነገር አይርሱብኝ።»

«እንዴት እረሳለሁ የኔ ልጅ» አሉና፣ በእርግጥም አልረሱም። መጨረሻው ላይ «ታዲያ ልጆቼ፣ ኢንሱሊን የምትወጉ መርፌያችሁን እንዳታቋርጡ፤ ይኼ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብለው ጀመሩ። ጀመሩ እንጂ አልጨረሱም። ሸቤ እያሉ ስላከሙት አንድ ነጋዴ ተነስተው፣ ነጋዴው ስለ ነበረው በቅሎ አውርተው፣ በቅሎው ገደል ሲገባ ቪዲዮው በእጥፍ ረዘመ።

መሳይ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አሳያት። ሰው ምክሩን ሰምቶ ጋሼ ወሬ ሲጀምሩ ጥሎ ይሄዳል፤ መስመሩ ወደታች ይወርዳል። «እዚህ ጋ ቁረጭው» አላት። «ዩቲዩብ ሰው እስከ መጨረሻ የማያየውን ነገር ለሌላ ሰው አያሳይም።»

«ማስጠንቀቂያው'ኮ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ጻፊው በቃ። ያንቺ ሥራ ምንድነው?»

ሳቢሃ አሰበችበት። ለዩቲዩብ ማሽን የጋሼ ሀብተጊዮርጊስ አማርኛ ጫጫታ ነው፤ ርዕሱንና መግለጫውን ነው የሚያነበው። ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ቢሆን ቻናሉን የበለጠ ይጠብቀዋል። ለሰውም ቢሆን ከሽማግሌ ወሬ መሐል ከሚጠፋ ፊት ለፊት ተጽፎ ቢታይ አይሻልም? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ከመምህሮቿ ስትሰማ ነው ያደገችው። በገዛ እጇ ቆረጠችው። ጋሼ ምክሩን እንደ ጨረሱ «በሉ ደህና ሁኑ» ያሉትን ከመጨረሻው አምጥታ ቀጠለችበት፤ ስፌቱ አይታወቅም።

ርዕሱን «አብሽ የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ሊያግዝ ይችላል ወይ?» አለችው። በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር፣ ሰው «ተጨማሪ» የሚለውን ሳይጫን እንዲታየው አድርጋ፣ «ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ በምንም ምክንያት አታቋርጡ፤ ማቋረጥ ለሞት ያደርሳል» ብላ ጻፈች። ያንን መስመር ስትጽፍ በዓይኗ የነበረችው ሱዓድ ናት። ለእሷ እንደምትናገር ነበር የጻፈችው።

ቪዲዮው ያለ ኮሽታ አለፈ። ቅጣት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ከሠሯቸው ሁሉ በላይ ታየ፤ መሳይም ደስ ብሎት «አንቺ ሴትዮ ጀግና ነሽ» አላት።

ሮመዳን በገባ ሰሞን፣ ጠዋት ላይ ቲጃኒ ደወለ። ቲጃኒ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ያ ሳቢሃ፣ ሱዓድን ይዘናት እየመጣን ነው። ከሊሙ ሐኪም ቤት ወደ ጅማ ውሰዱ ብለው በአምቡላንስ ሰደውናል። ስታስመልስ ነው ያደረችው። አተነፋፈሷም ልክ አይደለም።»

ሳቢሃ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ልጅቷን ሲያወርዷት ጎንበስ ብላ ትንፋሿን አሸተተች። የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ነው። ድራጊስት ናትና ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ሽታ መሆኑ አልጠፋትም። ልጅቷ አየር እንደሚያጥረው ሯጭ በጥልቀት ትተነፍሳለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሐኪሞቹ አልዘገዩም፤ ፈሳሹንም ኢንሱሊኑንም ወዲያው ጀመሩላት።

እናቷ ዙቤይዳ አልጋው ጥግ ቆማ «በየቀኑ ጓዳ ገብታ ትወጋ ነበር'ኮ። ምሳዋንም አቀርብላታለሁ» ትላለች ደጋግማ። ምሳው ለጎረቤት ዶሮዎች ሲሰጥ እንደከረመ የታወቀው በኋላ ነው። ጓዳ ውስጥም መርፌ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሱዓድ ትንሽ ነቃ አለች። ሳቢሃን ስታያት ልትስቅ ሞከረች።

«አዳዳ፣ እንዳትቆጪኝ» አለች፤ አክስቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

«አልቆጣሽም የኔ ቆንጆ። መርፌሽን መቼ ነው ያቆምሽው?»

«ሮመዳን ሲገባ። አንድም ቀን ሳልሰብር መጾም ፈልጌ ነው። ሰው ሁሉ ሲጾም...» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አብሹን ግን ጠጥቻለሁ። ማታ ሳፈጥር፣ ሌሊት ሱሑር ላይ፣ ዶክተሩ እንዳለው።»

«ሱዓዴ፣ መርፌ እንዳታቋርጡ ተብሏል'ኮ።»

«አላለም አዳዳ። ስንት ጊዜ አየሁት። የሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር፤ ያንቺ ስለሆነ ነው። መጥፎ ቢሆን አንቺ ታወጪው ነበር።»

«ተጽፏል'ኮ የኔ እናት። ከሥሩ ተጽፏል።»

«ከምኑ ሥር?» አለች ሱዓድ። መልሱን ሳትጠብቅ ዓይኗን ከደነች።

ሳቢሃ የሱዓድን ስልክ ከዙቤይዳ ቦርሳ አውጥታ ከፈተችው። ሊሙ ገነት ኢንተርኔት ከፍቶ ቪዲዮ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። ሰዉ በገበያ ቀን ሚሞሪውን ይዞ ሞባይል ቤት ይሄዳል፤ ባለ ሱቁ መንዙማውንም ፊልሙንም የጋሼ ሀብተጊዮርጊስንም ምክር ይጭንለታል። ይህንን ሳቢሃ አታውቅም እንዳይባል ራሷም በእንዲህ ዓይነት ሚሞሪ ነው ያደገችው። ሁሉም ያውቀዋል። እሷ ግን ወራት ሙሉ የምትጽፈው ለማሽኑ ሆኖ ማሽኑ የማያየውን ሰው ረስታዋለች።

ርዕሷ የለም። በምትኩ «የስኳር መድኃኒት» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ተጫነችው። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ በማር አፋቸው ስለ አብሽ አወሩ፣ «በሉ ደህና ሁኑ» አሉ፣ አለቀ። ከሥሩ ጥቁር ነው። አንድ ፊደል የለም።

ሱዓድ በማግስቱ ቀትር፣ ዙህር ሰላት ላይ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዘግይታ ነው የመጣችው አሉ ሐኪሞቹ። ዕለቱን ሊሙ ገነት ወስደው ቀበሯት።

ሳቢሃ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ ሰብር አድርጊ» እያለ ያጽናናታል። በሦስተኛው ቀን ዙቤይዳን ብቻዋን አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት። መጀመሪያ ተነግሮ እንደነበር፣ እሷ እንደቆረጠችው፣ ጽፋው እንደነበር። ዙቤይዳ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«እዚህ ጋ ሆና ነበር የምታየው» አለች ዙቤይዳ። «ድምፁን ከፍ አድርጋ። እኔ እዚያ ሥራ እየሠራሁ። ስንት ቀን ሰማሁት መሰለሽ፣ በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝ። ብትጽፊውም እኔ ማንበብ አልችልም ሳቢሃ። ጆሮ ግን አለኝ። አንድ ቃል ብሰማ መርፌዋን በግድ እወጋት ነበር።»

አልጮኸችባትም። ብትጮህባት ይሻል ነበር።

ሳቢሃ ወደ ደጅ ወጥታ ለመሳይ ደወለች። የተቆረጠውን መልሰን እናስገባ አለችው። አይቻልም አላት፤ ዩቲዩብ ላይ አንዴ የወጣን ቪዲዮ ከመቀነስ በቀር መጨመር የለም፤ ያለው አማራጭ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። «ደግሞ ሳቢዬ፣ ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነው'ኮ። አንድም ቅሬታ አልመጣበትም።» የሞተችው ማን እንደሆነች ነገረችው። ከዚያ አጠፋዋለሁ አላት፤ አጠፋውም። ከዩቲዩብ ላይ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚያ ተነስታ ወደ ሞባይል ቤቱ ሄደች። ባለ ሱቁ ሱፊያን ይባላል፤ ሱዓድን ያውቃታል፤ ቀብሯም ላይ ነበር። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያንቺ ረጅም ነው፤ ስልኩ ላይ ግማሹ ይቆረጣል። ሰዉም ሲመጣ የስኳር መድኃኒቱን ጫንልኝ ነው የሚለኝ። እኔ'ኮ ለሰው ይጠቅማል ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

«አውቃለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ የእሷም ሐሳብ ከዚህ የተለየ አልነበረም። «ለማን ለማን ሰጠኸው?»

«ማን ይቆጥራል? በገበያ ቀን ያልጫንኩለት የለም። ሸቤ ያለው ጓደኛዬም ከኔ ነው የወሰደው። እነሱም እርስ በርስ በብሉቱዝ ይላላካሉ።»

ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋው። ከፍላሹም አጠፋው። ዓይኗ እያየ ነው ያደረገው፤ ሌላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ባንኮኒው ላይ ስልክ የሚያስሞሉ አንድ ሽማግሌ ወሬውን በከፊል ሲሰሙ ቆይተው ጠጋ አሉ። የቡና ገበሬ ናቸው፤ ቆባቸው ንጹሕ ነው፤ ፊታቸው ደግ ነው።

«ያ ሱፊያን፣ የስኳሩ ቪዲዮ ነው የጠፋባችሁ?» አሉ። «አይዞህ፣ እኔ ጋ አለ። ለባለቤቴ በየቀኑ ነው የምከፍትላት። ና ከዚህ ውሰድ።»

ሳቢሃ ዞረች። «አባባ፣ ባለቤትዎ ስኳር አለባቸው?»

«ኤዬ፣ ቆየባት። አሁን ግን አልሐምዱሊላህ፣ ከትናንት ወዲያ መርፌውንም ተወችው። አብሹን ነው የምትጠጣ።»

«አባባ፣ ይስሙኝ። አሁኑኑ ይሂዱና መርፌውን ያስጀምሯት፤ ወይም ሐኪም ቤት ይውሰዷት። መርፌው ከቆመ ትሞታለች። የወንድሜ ልጅ በዚህ ነው የሞተችው፤ ሦስት ቀኗ ነው።»

ሽማግሌው አዘኑላት። «አላህ ይዘንላት፤ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዶክተሩ እንዲህ አላለም'ኮ።»

«ብለው ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እዚያ ነው የምሠራው፤ በእጄ ነው የቆረጥኩት።»

ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ዓይኗ ያበጠ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ ከለቅሶ ቤት የመጣች ሴት ናት። ሐዘን ሰውን ምን እንደሚያናግር ብዙ ያዩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይቆርጣል?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ነይ፣ አብረን እንስማው።»

ሱፊያን «ፋዘር፣ እውነቷን ነው» ብሎ ጀመረ፤ እሳቸው ግን ስልካቸውን ከቻርጀሩ ነቅለው ከፍተውት ነበር። ሊያጽናኗት ፈልገው ወደ ጆሮዋ አስጠጉት። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ ያወራሉ፤ ድምፃቸው የሚታመን ነው፤ ማንም ያምነዋል። ሳቢሃ እንደማይመጣ እያወቀች ጠበቀች። «በሉ ደህና ሁኑ» አሉና አለቀ።

«ይኸው» አሉ ሽማግሌው። «መርፌ አታቋርጡ የሚል አለው?»

«የለውም» አለች ሳቢሃ።